«ተቀባይነት ያለው የዕለት መጠን» ምንድን ነው? አስፓርታምና ሱክራሎዝ በሚዛን ሲታዩ

ሀዋሳ ውስጥ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከፋርማሲ ከመድኃኒታቸው ጋር ትንሽ እሽግ ይገዛሉ፤ ሻይ ውስጥ ጣል ሲያደርጓት ወዲያው የምትሟሟ ነጭ ኪኒን ናት። ሱቅ ውስጥ ደግሞ «ስኳር የሌለው» የሚል ለስላሳ ተደርድሯል። ጣዕሙን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አስፓርታም ወይም ሱክራሎዝ ነው። አስፓርታም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርታምን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ነገሮች ምድብ አስገባው። ወሬው በአንድ ቀን አገር አዳረሰ። በዚያው ቀን ግን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ መረጃውን አይቶ፣ በፊት የተወሰነውን የዕለት መጠን ለመቀየር በቂ ምክንያት የለም ብሏል። ይህን የሰማ ጥቂት ነው። ሁለቱ አይጋጩም። ኤጀንሲው የሚጠይቀው «ይህ ነገር በማንኛውም መጠን ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆን?» ብሎ ነው፤ ያገኘው ማስረጃም ውስን ነበር። ኮሚቴው ደግሞ «ሰው በሚወስደው መጠን ይጎዳል ወይ?» ይላል።

መጠኑ የሚወጣው እንዲህ ነው። እንስሳት ለረጅም ጊዜ የተለያየ መጠን ይመገባሉ፤ ከዚያ ጉዳት ያልታየበት ትልቁ መጠን ይለያል። ለአስፓርታም በአይጦች ላይ የተገኘው ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 4000 ሚሊግራም ነው። ይህ ለ100፣ ማለትም ለአስር ጊዜ አስር፣ ይካፈላል። አንዱ አስር ሰው ከአይጥ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ነው፤ ሌላው አስር ደግሞ ሰውና ሰው ስለማይመሳሰል፣ ደካማው እንዲጠበቅ ነው። 40 ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ጉዳት የሚጀምርበት መስመር አይደለም። ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው አያሰጋም ተብሎ የተቀመጠ ነው። በአንድ የሠርግ ቀን ከመጠኑ በላይ የወሰደ ሰው ተመረዘ ማለት አይደለም።

እስቲ በሰው እንየው። አቶቴ የምትኖረው አክስቴ 60 ኪሎ ትመዝናለች። 60 በ40 ሲባዛ 2400 ሚሊግራም ይሆናል፤ የዕለት መጠኗ ይህ ነው። ኪኒኗ እያንዳንዷ 20 ሚሊግራም አስፓርታም ቢኖራት፣ ለመድረስ 120 ኪኒን ያስፈልጋታል። በቀን ስድስት ከወሰደች ከመጠኑ ሃያኛውን ብቻ ነው የምትወስደው። እኔ ስለ እሷ ሻይ አልጨነቅም።

የልጅ ስሌት ግን ሌላ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የዕለት መጠኑ 800 ሚሊግራም ነው። አንድ ጣሳ ለስላሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም አስፓርታም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሦስት ጣሳ መስመሩ አጠገብ ያደርሰዋል ወይም ያሳልፈዋል። 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ግን ለዚያ ከ9 እስከ 14 ጣሳ ያስፈልገዋል። «ስኳር የለውም» ብሎ ለልጅ ጣሳ በጣሳ ላይ መጨመር ጥሩ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የሱክራሎዝ ታሪክ ደግሞ ቁጥሩ በሰው ፍርድ የሚወጣ መሆኑን ያሳያል። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም ሲል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 5 ሚሊግራም ብሏል። ለአክስቴ አንዱ 900፣ ሌላው 300 ሚሊግራም ማለት ነው። ሁለቱም የመነሻ መጠናቸውን ለ100 ነው ያካፈሉት፤ የተለያየው መነሻው ነው።

ይህ ሁሉ የሚመልሰው «በዚህ መጠን ይጎዳል ወይ?» የሚለውን ነው፤ «ያቀጥናል ወይ?» የሚለውን አይመልስም። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ክብደትን ለመቆጣጠር ተብሎ እነዚህን ማጣፈጫዎች መጠቀምን አልመከረም፤ ምክንያቱም በረጅም ጊዜ ጥናት ስብ ሲቀንስ አልታየም። ምክሩ ግን ቀድሞ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፤ አክስቴም ይህን ሰምታ ወደ ሁለት ማንኪያ ስኳር መመለስ የለባትም።

እሽግ ላይ 951 ካያችሁ አስፓርታም ነው፤ 955 ደግሞ ሱክራሎዝ። አስፓርታም ሙቀት ሲበዛበት ጣፋጭነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ሻዩ ከተቀዳ በኋላ እንጂ በሚፈላው ማንቆርቆሪያ ውስጥ አይጨመርም። ደግሞም አስፓርታም ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ፌኒልአላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ይወጣል። ከውልደት ጀምሮ ይህን መሰባበር የማይችሉ፣ ፌኒልኬቶኑሪያ ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ኪሎና ስሌት አይሠራም፣ አስፓርታም ጨርሶ መቅረት አለበት።