የእድር ጣምራ ፊርማ ምንድን ነው?

አብዛኛው እድር በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አንዲት አጭር አንቀጽ አለችው። «የእድሩ ገንዘብ በባንክ ይቀመጣል፤ ሂሳቡም በሊቀመንበሩና በገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀሳል» ትላለች። በጠቅላላ ጉባኤ ትነበባለች፣ እጅ ይወጣል፣ ትጸድቃለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አያስባትም።

እኔ በሰፈራችን እድር ለተወሰኑ ዓመታት የሂሳብ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነበር። ይህች አንቀጽ ምን ማለት እንደሆነች የገባችኝ ያኔ ነው።

ጣምራ ፊርማ ማለት ከባንክ ሂሳቡ ገንዘብ የሚወጣው ሁለት የተመዘገቡ ሰዎች ሲፈርሙ ብቻ ነው ማለት ነው። ለማስገባት ማንም ይችላል። ለማውጣት ግን የአንዱ ፊርማ ብቻ ካለ ባንኩ አይከፍልም። ሂሳቡ የሚከፈተውም በእድሩ ስም እንጂ በሰው ስም አይደለም። ለዚያ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ የእድሩን ደንብ፣ የምዝገባ ወረቀት፣ ፈራሚዎቹ የተመረጡበትን ቃለ ጉባኤ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይጠይቃል። ፊርማቸው በባንኩ ካርድ ላይ ይቀመጣል። የባንኩ ሠራተኛ ገንዘቡን የሚከፍለው ያንን ካርድ አይቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባንኩ የሚያየው ፊርማ ነው። ገንዘቡ ለምን እንደወጣ፣ የሞተ ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም፤ ማወቅም ሥራው አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛው ፈራሚ «ለምንድን ነው?» ብሎ ካልጠየቀ ሁለት ፊርማ ያው አንድ ፊርማ ነው። ጥያቄውን የሚመልስለት ደግሞ የገንዘብ ያዡ መዝገብ ነው።

መዝገቡ ብቻውን አይቆምም። ከጎኑ የገቢ ደረሰኝ ጥራዝ አለ። ቁጥር የታተመበት፣ በካርቦን የሚጻፍ፣ አንዱ ለአባሉ ተቀዶ ሌላው በጥራዙ ላይ የሚቀር። ሌላው የወጪ ማዘዣ ነው፤ ሊቀመንበሩ፣ በአንዳንድ እድር ዳኛው፣ «ይከፈል» ብሎ የሚፈርምበት። መዝገቡ ላይ ደግሞ ቀን፣ ዝርዝር፣ የደረሰኝ ወይም የማዘዣ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪና ከወጪ ቀሪ የሚሉ ዓምዶች ይሰመራሉ። ማን ከፈለ ማን ቀረ የሚለው በሌላ የአባላት መዝገብ ይያዛል። ሁለቱን አንድ ላይ መጻፍ የጀመረ ገንዘብ ያዥ ሲደናገር አይቻለሁ።

አንድ ወር ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ አካሄዱ ግን በየሰፈሩ የሚታይ ነው። 120 አባላት ያሉት እድር እንበል። ወርሃዊ መዋጮው 100 ብር ነው። ኅዳር ሲገባ ባንክ 86,400 ብር አለ። ገንዘብ ያዧ እጅ ደግሞ ለድንገተኛ የሚሆን 5,000 ብር አለ። በድምሩ 91,400።

እሁድ ኅዳር 7 ስብሰባ ነው። 104 ሰው መጥቶ ከፈለ፤ 10,400 ብር። ከእነሱ ውስጥ አራቱ የጥቅምትንም ከነቅጣቱ ከፈሉ፤ ቅጣቱ 20 ብር ስለሆነ ከአራቱ ተጨማሪ 480 ብር ተገኘ። በጠቅላላው 10,880 ብር። ገንዘብ ያዧ ከጠረጴዛው ሳትነሳ ብሩን ቆጠረች። ደረሰኞቹንም ደመረች። ሁለቱ ገጠሙ። መዝገቡ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ ኅዳር 7፣ ወርሃዊ መዋጮና ቅጣት፣ ደረሰኝ ከቁጥር 2201 እስከ 2304፣ ገቢ 10,880። ጸሐፊውም አጠገቧ ቆሞ ድምሩን በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ። ሰኞ ጠዋት ብሩ ባንክ ገባ።

ከዚህ ገንዘብ ላይ ከባንክ በፊት ምንም አልተከፈለም። የድንኳን ጠጋኝ በሩ ላይ ቆሞ ቢጠይቅም «ማዘዣ ይዘህ ና» ነው መልሱ። ከመዋጮው ተነስቶ በቀጥታ የሚከፈል ብር ባንክ ደብተሩ ላይ ፈጽሞ አይታይም። የወጣበትን ምክንያት የሚያስታውሰው ያወጣው ሰው ብቻ ይሆናል።

ረቡዕ ኅዳር 10 ሌሊት ጡሩምባ ተነፋ። የአንድ አባል እናት አርፈዋል። በዚህ እድር ደንብ መሠረት ለቤተሰቡ 15,000 ብር ይሰጣል። ባንክ ግን ሌሊት አይከፈትም፣ ሐዘንተኛም «ነገ እንመለሳለን» አይባልም። ያ 5,000 ብር የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሊቀመንበሩ ማዘዣውን እዚያው በእጅ ባትሪ ብርሃን ፈረሙ፣ የቤተሰቡ ተወካይ መቀበሉን ፈረመ፣ 5,000 ብሩ ተሰጠ። በማግስቱ ሁለቱ ፈራሚዎች ባንክ ሄደው 15,000 ብር አወጡ። 10,000ው ለቤተሰቡ ተጨመረ። 5,000ው ወደ ድንገተኛው ኪስ ተመለሰ።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ወጪ 15,000 ነው፤ 20,000 አይደለም። ከባንክ ወጥቶ ገንዘብ ያዧ እጅ የገባው 5,000 ብር ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ጀማሪ ገንዘብ ያዥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ሂሳብ ማስታረቅ የሚባለው ሥራ ይመጣል። በመዝገቡ 91,400 ላይ 10,880 ተደምሮ 15,000 ሲቀነስ 87,280 ብር መቅረት አለበት። የባንክ ደብተሩ 82,280 ይላል። በእጅ 5,000 አለ። ሲደመሩ 87,280። ታረቀ ማለት ይህ ነው። ሁለተኛው ፈራሚም ተቆጣጣሪውም ከመዝገቡ ግርጌ ይፈርማሉ።

ሁልጊዜ ግን አይታረቅም። አንድ ወር የኛ ሂሳብ 540 ብር ተዛነፈ። ገንዘብ ያዣችን በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ከቤቴ አምጥቼ ልሙላው» አሉኝ፤ ፊታቸው ጠቁሮ። እኔም «እማማ፣ ይቆዩ፣ እንፈልገዋለን» አልኳቸው። 540 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ልዩነት ለ9 ሲካፈል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሁለት አሃዞች መቀያየር ነው። ወደ ኋላ ገልጠን ስናይ ከባንክ ደብተሩ የተገለበጠው ቁጥር 820 መሆን ሲገባው 280 ተብሎ ተጽፏል። ብር አልጎደለም። ከኪሳቸው ሞልተውት ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ይብስ ይበላሽ ነበር። እሳቸውም ያላጠፉትን ከፍለው ይቀሩ ነበር።

የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከላዩ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ከጎኑ ይፈረማል። በነጭ ቀለም መሸፈን ወይም ገጹን መቅደድ የለም። የተሰረዘው ሲነበብ ነው ስህተት መሆኑ የሚታወቀው። ልዩነቱ ትንሽና ባንኩ የሚበልጥበት ከሆነ ደግሞ ወለዱን ተመልከቱ። የቁጠባ ሂሳብ ወለድ ይወልዳል። ባንኩ ራሱ ስለሚያስገባው ገንዘብ ያዡ ደብተሩን እስኪያሳትም ድረስ አያየውም።

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ ልምጣ። የጣምራ ፊርማ ትልቁ ጠላት ባዶ ቅጽ ላይ መፈረም ነው። ሊቀመንበሩ ክፍለ ሀገር ሊሄዱ ነው። «ሰው ቢሞትስ?» ይባላል። አምስት ማውጫ ቅጽ ላይ ፈርመው ይሄዳሉ። አሳቢነት ነው፣ ይገባኛል። ግን በዚያች ቅጽበት ጣምራው ፈረሰ። ገንዘቡ ቢጠፋ ደግሞ ፊርማው የሊቀመንበሩ ነውና አብረው ይጠየቃሉ። መፍትሔው ሦስት ሰው ማስመዝገብ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ገንዘብ ይወጣል። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ወይም ምክትሉ ነው። ፈራሚዎቹ ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ ባይሆኑ እመርጣለሁ። እነሱን ስለምጠረጥር አይደለም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ማታ ራት ላይ የተነጋገሩትን ጠዋት ባንክ ሄደው ይፈርሙታል፤ ሁለተኛ ዓይን የለም።

ሌላው ጣምራ ፊርማ ፈጽሞ የማይደርስበት ቀዳዳ ነው። ፊርማው የሚጠብቀው ባንክ የገባውን ብር ነው። ከስብሰባው ጠረጴዛ እስከ ባንኩ መስኮት ያለውን መንገድ አይጠብቅም። አንድ ገንዘብ ያዥ የኅዳርን መዋጮ ለራሱ ችግር ያውለውና በታኅሣሥ መዋጮ ይሸፍነዋል። የታኅሣሥን በጥር ይሸፍናል። ድምሩን ብቻ ካያችሁ አይታወቅም። የሚታወቀው ቀን ከቀን ሲነጻጸር ነው። የመጨረሻው ደረሰኝ የተቆረጠው ኅዳር 7 ሆኖ ባንክ የገባው ታኅሣሥ 3 ከሆነ ያ ብር 26 ቀን የት ሰነበተ? እኔ መዝገብ ሳይ መጀመሪያ ድምሩን አልደምርም። ደረሰኙንና የባንክ ማስገቢያውን ጎን ለጎን አድርጌ ቀኖቹን ነው የማየው። «ደብተሩን ቤት ረስቼው ነው» የሚል ምላሽ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመም ዝም ማለት አያስፈልግም።

አሁን አሁን አባላት መዋጮውን በቴሌብር ወደ ገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ይልካሉ። ይመቻል፤ በተለይ ሥራ ለሚበዛበት። ግን የእድሩ ብር ከገንዘብ ያዡ የአስቤዛ ብር ጋር ተደባለቀ ማለት ነው። ሰውየው ድንገት ቢያርፍ ያ ብር የወራሾቹ መስሎ ይታያል። የተሻለው አባላት በቀጥታ ወደ እድሩ የባንክ ሂሳብ ልከው የመልእክቱን ማረጋገጫ ለገንዘብ ያዡ ማሳየታቸው ነው። እሱም የዝውውሩን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጽፋል፤ ደረሰኝ መቁረጥ አይቀርም።

ፈራሚ ሲሞት ወይም ሲለቅ ጉባኤው ተጠርቶ ተተኪ ይመረጣል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ ደብዳቤው ከነማህተሙ ባንክ ይደርሳል፣ አዲሱ ሰው ቀርቦ ፊርማውን ያስመዘግባል። ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በመካከል ሰው ይሞታል። ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ካሉ እድሩ አይቸገርም።

ርክክቡ ራሱ አንድ ከሰዓት ይፈጃል። አሮጌው ገንዘብ ያዥ፣ አዲሱና ተቆጣጣሪው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። በእጅ ያለው ብር ይቆጠራል። የባንክ ደብተሩ በዚያው ቀን ታትሞ ይመጣል። ያልተጀመሩ የደረሰኝ ጥራዞች ከነቁጥራቸው ይመዘገባሉ፣ የተጀመረው ጥራዝ የመጨረሻ ቁጥርም ይጻፋል። ከዚያ በመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ስር በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርና ሦስቱም ይፈርማሉ። ከመስመሩ በላይ ላለው የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ይጠየቃል፣ ከመስመሩ በታች ላለው አዲሱ።