የ y = 2^(x−3) + 1 ግራፍ ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳል?

በጎንደር የጥናት ቡድናችን ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ፣ በ y = 2^(x−3) + 1 ውስጥ የመቀነስ ምልክት እያየን ግራፉ ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳል የሚል ስለሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል።

መነሻችን y = 2^x ነው። x ዜሮ ሲሆን y 1 ስለሚሆን ግራፉ በ (0, 1) ያልፋል፤ ወደ ግራ በሄድን ቁጥር ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ዜሮን አይነካም። ቤዙን ከ2 ወደ 3 ብንለውጠው (0, 1) ከቦታው አይነቃነቅም፤ አዲሱ ግራፍ ከዚህ ነጥብ በስተቀኝ ከፊተኛው በላይ፣ በስተግራ ግን ከፊተኛው በታች ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህን የግራውን ክፍል ነው። ከ 2^x ፊት ከ1 የተለየ ማባዣ ቁጥር ካለ ግን ግራፉ በ (0, 1) ማለፉ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። 1 የምናገኘው ኤክስፖነንቱ ዜሮ ሲሆን ነው፤ x−3 ደግሞ ዜሮ የሚሆነው x 3 ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ በ0 ላይ የነበረው ዋጋ አሁን በ3 ላይ ይገኛል፣ ግራፉም በሙሉ ሦስት ወደ ቀኝ ይሄዳል። +1 እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ ስለሚያነሳ (0, 1) የነበረው ነጥብ በ (3, 2) ላይ ያርፋል። ግራፉ የሚጠጋው አግድም መስመር፣ ማለትም አሲምቶቱ፣ ከ y = 0 ወደ y = 1 ከፍ የሚለውም በዚሁ +1 ምክንያት ብቻ ነው፤ ወደ ጎን መሄዱ አሲምቶቱን አይለውጠውም።

ለማረጋገጥ x = 0 አስገቡ፦ 2^(−3) + 1 = 9/8። ግራፉን በስህተት ወደ ግራ የወሰደ ሰው በዚህ ቦታ 9 ያገኛል።