«ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው» ማለት የምን ማስረጃ ነው?

«መምህር፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ነው እኮ፤ ምንጩንም ጠቅሻለሁ። ታዲያ ነጥቤ ለምን ተቀነሰ?»

ደሴ ውስጥ የማኅበራዊ ሳይንስ ድርሰት ማረም ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሴሚስተሩ ይቀርብልኛል፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ነጥቡ የሚቀነሰው ጋዜጣ ስለተጠቀሰ አይደለም፤ ጋዜጣው ሊሸከመው የማይችል ዐረፍተ ነገር ስለተጫነበት ነው። ጋዜጣ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ ምንጭ አይባልም። መጠየቅ ያለበት ይህ ጽሑፍ ለየትኛው ዐረፍተ ነገር ማስረጃ ይሆናል የሚለው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ስለ ወሎው ረሃብ ድርሰት ጽፋ ነበር። ከዐረፍተ ነገሮቿ አንዱ «በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ 200 ሺህ ሰው በረሃብ ሞተ» ይላል፤ ቀጥሎ በቅንፍ የአንድ ጋዜጣ ስም ተቀምጧል። ጽሑፉን አብረን አወጣነው። ከረሃቡ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለመታሰቢያ የተጻፈ ነበር፤ ጋዜጠኛው ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው አልተናገረም፤ «እንደሚነገረው» ብሎ አልፎታል። «ጋዜጠኛው ቆጥሯል?» አልኳት። «አልቆጠረም» አለችኝ። «የቆጠረ ሰው ጠቅሷል?» አልኳት። እሱንም አልጠቀሰም። እንግዲያው የቁጥሩ ፈለግ እዚያው «እንደሚነገረው» ላይ ይቋረጣል፤ በቅንፍ የተቀመጠው ስምም ምንም አልደገፈም ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ጥናቶቹ ሄድን። የሟቾቹ ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ልዩነቱ የሰፋው በገጠሩ የሞት መዝገብ ስላልነበረ ነው፤ ግምቱም በየትኞቹ አውራጃዎችና ወራት ላይ እንደተመሠረተ፣ በረሃብ የሞተውም በደኅናው ዘመን ከሚሞተው እንዴት እንደተለየ ይለያያል። ተማሪዋ ዐረፍተ ነገሯን እንዲህ አስተካከለችው፦ «የሟቾቹ ቁጥር በተለያዩ ጥናቶች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል፤ በመታሰቢያው ዕለት የወጣው የጋዜጣ ጽሑፍ ግን ከፍተኛውን ግምት ብቻ፣ ያለ ምንጭ አስፍሯል።» የመጀመሪያውን ግማሽ ጥናቶቹ ይሸከሙታል፤ ሁለተኛውን ጋዜጣው ራሱ ይሸከመዋል። ያው የጋዜጣ ጽሑፍ ከድርሰቱ አልወጣም፤ ረሃቡ ዛሬ እንዴት እንደሚታወስ የሚያሳይ ማስረጃ ሆነ፤ ለዚህ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ምንጭ የለም።

«እሺ፣ የዘመኑን ጋዜጣ ብጠቅስስ?» ትላለች ሌላዋ። የዘመኑ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ረሃቡን ይደብቅ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዓመት እትም የረሃቡን ስፋት ለማሳየት የሚጠቅስ ተማሪ ይሳሳታል፤ መንግሥት ሕዝብ እንዲሰማ የፈለገው ምን እንደነበር ለማሳየት የሚጠቅሰው ግን ሁነኛ ምንጭ በእጁ ይዟል። ዝምታውም ቢሆን ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ዝምታን ማስረጃ የሚያደርግ ሰው ግን ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ስንት እትም እንዳገላበጠ፣ የፊቱን ገጽ ብቻ ወይስ የውስጡንም እንደተመለከተ መጻፍ አለበት። ሦስት እትም አይቶ «ጋዜጣው አልዘገበም» ማለት አይቻልም፤ ሊባል የሚችለው «በተመለከትኳቸው ሦስት እትሞች አላገኘሁም» ብቻ ነው።

«ፎቶና ቪዲዮ ግን አይዋሽም» የሚለው አባባል ለእኛ ለወሎዎች በተለይ ሊከብደን ይገባል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃባችንን የቀረጸበት ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ፤ እዚያ ያዩት ሰዎች እርዳታ ሰበሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ያንኑ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። የተራቡት ሰዎች ያው ናቸው፤ ከአጠገባቸው የተቀጠለው ሌላ ስለሆነ የሚናገሩትም ሌላ ሆነ። እንግዲህ ፊልሙን የሚጠቅስ ሰው የትኛውን ቅጂ እንዳየ፣ ማን እንዳቀናበረውና መቼ እንደታየ ካልገለጸ፣ አንባቢው ስለየትኛው እንደሚናገር አያውቅም።

ፌስቡክ ላይ ነገሩ ይብሳል። አንድ ተማሪ «ወሎ፣ 1966» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፎቶ ከድርሰቱ ጋር አያይዞ ነበር። በምስል ፍለጋ ወደ ኋላ ስንከተለው በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ኮረም ላይ የተነሣ ሆኖ ተገኘ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ስለነበረ ቦታው ልክ ነው፤ ዓመቱ ግን በ11 ዓመት፣ መንግሥቱም ከንጉሡ ወደ ደርግ ተዛንፏል። ተማሪው ደግሞ ፎቶውን ያቀረበው የንጉሡን መንግሥት ቸልተኝነት ለማሳየት ነበር።

«ከሁለት ሺህ ሰው በላይ ላይክ አድርጎታል፤ የወሎ ሕዝብ አስተያየት ነው።» አይደለም። ስልክ ያለው፣ ያንን ገጽ የሚከታተል፣ ያን ቀን የገባና ቁልፉን የተጫነ ሰው ቁጥር ነው፤ ወሎዬ ይሁን አይሁንም አይታወቅም።

«እንግዲያው የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ከነጭራሹ አይጠቀስም» የሚሉም አሉ፤ ከባልደረቦቼ መካከልም አሉበት፤ በዚህ አልስማማም። የምታጠናው ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ እንዴት እንደሚነጋገሩ ከሆነ፣ ንግግራቸው ራሱ ዋናው ማስረጃህ ነው። ነገር ግን የፌስቡክ ጽሑፍ ጠዋት ተለጥፎ ማታ ሊታረም ወይም ሊሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ባየህበት ሰዓት ቅጂውን አስቀምጥ፤ የተለጠፈበትን ቀንና አንተ ያየህበትን ቀን ለየብቻ መዝግብ፤ ታርሞ እንደሆነም የእርማት ታሪኩን ተመልከት። በኤፒኤ አጠቃቀስ የእንዲህ ያለ ጽሑፍ ርእስ የሚሆኑት የጽሑፉ የመጀመሪያዎቹ እስከ 20 የሚደርሱ ቃላት ናቸው፤ ተማሪዎች ግን «ፌስቡክ» ብለው ብቻ ይጽፋሉ። ዝግ በሆነ ቡድን ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊውን ሳያስፈቅዱ ስሙን ማውጣት አይገባም፤ የገዛ ቃሉን እንዳለ መገልበጥም በፍለጋ ማንነቱን ስለሚያጋልጥ፣ ሐሳቡን በራስ ቋንቋ መግለጽ ይሻላል።

«ሊንኩን አስቀምጫለሁ።» ሊንክ ይሞታል፤ የጸሐፊው ስም፣ ርእሱ፣ ጋዜጣውና ቀኑ ግን ከተጻፉ ጽሑፉን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማግኘት ይቻላል።

«የፈረንጆቹን ዓመት ስምንት ቀንሼ ወደ እኛ ቀይሬዋለሁ።» ከፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ለወጣ ጋዜጣ ልክ ነው፤ ከመስከረም ወር አንስቶ እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ለወጣ ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። በፈረንጆቹ ጥቅምት 1973 መጨረሻ የወጣን የውጭ ጋዜጣ «1965 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ የዲምብልቢ ፊልም ከታየ በኋላ የተጻፈውን ዘገባ ከፊልሙ በፊት እንደተጻፈ አድርጎ አቅርቦታል፤ በዚያ ላይ የመሠረተው «ዓለም ቀድሞ ያውቅ ነበር» የሚለው ክርክሩም በአንድ ቁጥር ምክንያት ፈርሷል።