ዜናን በሦስት ዓረፍተ ነገር ማሳጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የዜናው መግቢያ ማን፣ ምን፣ መቼ እና ለምን የሚሉትን ስለሚመልስ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ገልብጬ ባስቀምጥ ምን ችግር አለው?»

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለው የዜና ክፍላችን የሚመጡ ተለማማጆች ይህን በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም በየዓመቱ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ። መግቢያ ብዙውን ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ ይነግረንና «ለምን»ን ወደ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው አንቀጽ ይገፋዋል። ገልባጩ ምክንያት ሲያጣ ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ክስተት ምክንያት ያደርገዋል።

ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ የለቀቀበትን ዜና ያሳጠረ አንድ ተለማማጅ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር «ባንኩ እርምጃውን የወሰደው አይኤምኤፍ ብድር ስላጸደቀ ነው» ብሎ ዘጋው። ዋናው ጽሑፍ ግን ያለው ብድሩ «በዚያው ዕለት» ጸደቀ ብቻ ነበር፤ እንዲያውም የባንኩ ውሳኔ ይፋ የሆነው ብድሩ ከመጽደቁ በፊት ነው። አስተካክለን የጻፍነው እንዲህ ነበር፦

«የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ባንኩ እርምጃው ለረጅም ጊዜ የቆየውን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለማቃለል ያለመ መሆኑን ገልጿል። ከውሳኔው በኋላ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለኢትዮጵያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ገልጿል» ብሎ ምክንያቱን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ይህ ግስ ቢወጣ የባንኩ ማብራሪያ የእኛ ምስክርነት ይሆናል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት በዋናው ጽሑፍ ላይ «ለምን»ን የሚመልሰውን ሐረግ አስምሩበት። በሐረጉ ውስጥ «ስለ»፣ «ምክንያት» ወይም «ዓላማው» የሚል ካለ ምክንያት ነው፤ «ተከትሎ»፣ «ከዚሁ ጋር በተያያዘ» ወይም «በዚያው ዕለት» ካለ ግን የሚያሳየው ቅደም ተከተልን ወይም መቀራረብን ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ «ተከትሎ»ን «ምክንያት» አድርጌ በማግስቱ እርማት ለማንበብ ተገድጃለሁ። የሚሰመርበት ሐረግ ካልተገኘ «ምክንያቱ አልተገለጸም» ብሎ መጻፍ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር አያባክንም።

«ትናንት የሚለው ቃል መቼን ይመልሳል» የሚሉም አሉ፤ ማጠቃለያው በማግስቱ ሲነበብ ቀኑ ስለሚዛነፍ፣ ዜናው የወጣበትን ቀን አይታችሁ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን በቁጥር ጻፉ።

«ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር» የሚለው ደግሞ ጥያቄዎቹ አራት፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ሦስት ስለሆኑ በቁጥርም አይሠራም፤ ማን፣ ምን እና መቼ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተጠቃለው ሊገቡ ይችላሉ።