ትምህርት ሲያቋርጡ ተመላሹ ክፍያ ለምን ያንሳል?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላለ አንድ የግል ኮሌጅ የሴሚስተር 12,000 ብር ከፈሉ እንበል። ኮሌጁ መምህር የሚመድበው በተመዝጋቢው ቁጥር ነው፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የለቀቁትን ቦታ የሚሞላ ተማሪ አይገኝም። ስለዚህ ተመላሹ በየደረጃው ይቀንሳል፦ ለምሳሌ ትምህርት ሳይጀመር ሙሉው፣ እስከ ሁለተኛው ሳምንት 75 በመቶ፣ እስከ አራተኛው 50 በመቶ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። የመመዝገቢያ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይመለስም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። በተለምዶ የሚቆጠረው ክፍል መግባት ያቆሙበት ሳይሆን የመልቀቂያ ማመልከቻዎ ሬጅስትራር ዘንድ ገቢ የሆነበት ቀን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቀርተው በሦስተኛው ቢያመለክቱ 9,000 ብር የነበረው 6,000 ይሆናል። ለስንብት ቸኩለው ማመልከቻውን አይርሱ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም ቀንና ማህተም ያስደርጉ።