ከብርቱ ሩጫ በኋላ በድንገት መቆምና ማዞር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዳገቱን ጨርሼ ስቆም የሚያዞረኝ ጉልበቴ ስላለቀ ወይም ደም ስላነሰኝ ነው።»

ጉዳዩ ጉልበት ማለቅ ቢሆን ኖሮ ማዞሩ የሚበረታው ጥረቱ ከፍ ባለበት በዳገቱ መካከል ነበር እንጂ ሯጩ ቆሞ ማረፍ በጀመረበት ሰዓት ባልሆነ ነበር። ደም ማነስም ቢሆን በደረጃና በመንገድ ላይ ሳይቀር ቶሎ ቶሎ የሚያደክምና የሚያለከልክ ችግር ስለሆነ ሩጫው እስኪያበቃ አይጠብቅም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው በሐረጎ ዳገት ላይ የሚለማመድ ጤነኛ ወጣት ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም ዓይኑን የሚጋርደው በሌላ ምክንያት ነው።

ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል፤ በብርቱ ሩጫ ጊዜ ግን ይህ መጠን 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ አብዛኛውም በሥራ ላይ ወዳሉት ጡንቻዎች፣ በተለይም ወደ እግር ይሄዳል። ያን ሁሉ ደም ለመቀበል የእግር ደም ስሮች በእጅጉ ይሰፋሉ። ወደ ታች የወረደው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ደግሞ በልብ ግፊት ብቻ ሳይሆን ባትና ታፋ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተኮማተሩ በመካከላቸው የሚያልፉትን ደም መልስ ስሮች ስለሚጨምቋቸው ነው፤ በስሮቹ ውስጥ ያሉት ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮችም ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዱታል።

የልብ ምቱ በደቂቃ 175 የደረሰ ወጣት ዳገቱን ጨርሶ፣ ጓደኞቹን ለመጠበቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ እንበል። ባትና ታፋው መጭመቃቸውን ወዲያው ያቆማሉ፤ የደም ስሮቹ ግን ገና እንደ ሰፉ ስለሚቆዩ ደሙ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስ ልብም የምትረጨው ይቀንሳል፤ የልብ ምቱም በዚያው ቅጽበት መርገብ ስለሚጀምር የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ለአንጎል የሚደርሰውም ደም ያንሳል። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ አንድ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጆሮው ጭው ይላል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ይህ የሰነፍ ሯጭ ምልክት አይደለም፤ በልምምድ የበረታ አትሌትም በድንገት ከቆመ ሊደርስበት ይችላል።

ሙቀት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ተጨማሪ ደም ወደ ቆዳ ስለሚልክ ከደሴ ይልቅ ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ፣ በቀትር ፀሐይ የሚሮጥ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። የውሃ ጥምም እንዲሁ ነው። በረመዳን ከማፍጠሪያው ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይም በዐቢይ ጾም ሳይቀምሱ ለሚለማመዱ ሰዎች ቀስ ብሎ መጨረስ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያስፈልጋል፤ የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ በስሮቹ ውስጥ ያለው ደምም መጠኑ ይቀንሳልና።

«ያዞረውን ሰው ደግፋችሁ አቁሙት፤ ከተኛ ይብስበታል።»

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በቅንነት የሚደረግ ነገር ሆኖ ሳለ ተጎጂውን ይጎዳል። በሁለት ጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ የቆመ ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ እንደ ተጠራቀመ ይቀራል፣ አንጎሉም የሚፈልገውን ደም አያገኝም። በዚህ ዓይነቱ ማዞር ብዙ ጊዜ ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከግፊቱ መውረድ ሳይሆን ሰውየው ወድቆ ጭንቅላቱን ድንጋይ ወይም አስፋልት ሲመታ ነው።

ስለዚህ ሳይወድቅ በፊት በጀርባው ያስተኙት፤ እግሮቹንም በቦርሳ፣ በድንጋይ ወይም በጓደኛው ጉልበት ላይ ከፍ አድርገው ያሳርፉለት። ደሙ ወደ ልብ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የፊቱ ቀለም ይመለሳል፣ ንግግሩም ይስተካከላል። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ በአፉ ውሃ አያፍሱበት፤ ትንታ ያስከትላል። ከነቃም በኋላ መጀመሪያ ተቀምጦ ይቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሣ። መተኛት በማይመች ቦታ ላይ ማዞር የጀመረው ሰው ቁጢጥ ቢል፣ ወይም እግሮቹን አጠላልፎ ታፋውንና መቀመጫውን አጥብቆ ቢያኮማትር ጊዜ ያገኛል።

«ከሩጫ በኋላ ሰውነትን ማቀዝቀዝ ማለት ቆሞ እግርን መሳሳብ ነው።»

ቆሞ መሳሳብ እግርን በአንድ ቦታ የሚያቆም በመሆኑ ማዞሩን አይከላከልም። የሚከላከለው እግሮቹ ቀለል ባለ እንቅስቃሴ ደሙን ወደ ላይ መመለሳቸውን ሲቀጥሉና የሰፉት የደም ስሮች በዚያው መጠን ቀስ በቀስ ሲጠቡ ነው። በሐረጎ የሚለማመደው ወጣት ጫፍ ላይ እንደ ደረሰ ፍጥነቱን ይቀንስና ለ5 ደቂቃ ያህል በቀላል ሶምሶማ ይቀጥል፤ ከዚያም ሌላ 5 ደቂቃ በእርምጃ ይሂድ። ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ሲችልና የልብ ምቱ በደቂቃ ከ120 በታች ሲወርድ መቆም ይችላል። ምቱን ለመለካት በአውራ ጣቱ ሥር በኩል የእጅ አንጓውን በሁለት ጣቶቹ ነክቶ ለ15 ሰከንድ ይቁጠርና በ4 ያባዛ፤ ከ30 በታች ከቆጠረ ደርሷል ማለት ነው። መሳሳቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

በሐረጎ አንድ ችግር አለ፤ መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ በመሆኑ ዳገቱ ባለቀበት ቦታ ላይ መንገዱን ዳር ይዞ በነፃነት መራመድ ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ብርቱው ሩጫ የት ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ መወሰንና የመጨረሻውን ክፍል ለሶምሶማና ለእርምጃ መተው ይበጃል። በሜዳ ላይ 400 ሜትር እየደጋገሙ የሚሮጡም በየዙሩ መካከል ቢራመዱ እንጂ ቢቆሙ አይመከርም።

«ላክቲክ አሲዱን ካላወጣሁት ነገ እግሬን ያመኛል።»

ቀላል ሶምሶማ በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የሚባለውን ላክቴት ከደም ውስጥ ቶሎ እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ዝም ብሎ ቢያርፍም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራሱ ይወርዳል። በማግስቱ የሚሰማው የእግር ሕመም የሚመጣው በአብዛኛው በተለይ ቁልቁለት ሲሮጥ በጡንቻ ላይ ከሚደርሰው ጥቃቅን ጉዳት ነው፤ ማቀዝቀዝም ይህን ያን ያህል አይቀንሰውም።

«ሯጭን ሁሉ ያዞረዋል፤ ምንም አይደለም።»

ከቆሙ በኋላ መጥቶ እግር ከፍ አድርገው ሲተኙ የሚያልፍ ማዞር ብዙውን ጊዜ አያሰጋም። እየሮጠ ሳለ፣ ገና ሳይቆም ራሱን የሳተ ሰው ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው የኢሲጂ ምርመራ ሳይታይ ወደ ልምምድ መመለስ የለበትም። የደረት ሕመም ወይም የተዛባ የልብ ምት ያለው፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ሯጭም እንዲሁ ይመርመር። ተኝቶ በ15 ደቂቃ ያልተሻለው ሰው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሰውነቱ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሆኖ የሚቀባዥር ከሆነ ግን የሙቀት ምት ሊሆን ስለሚችል፣ መኪና እስኪመጣ ሳይጠብቁ በውሃ ማቀዝቀዝ መጀመር ያስፈልጋል። ሲጠሩት የማይመልስና በተለመደው ሁኔታ የማይተነፍስ ሰው ሲያጋጥም እግር ማንሣቱን ትቶ ወዲያውኑ በሁለት እጅ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን ይገባል፤ ሌላው ሰው ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ።