የእንግዳ አስተያየት መጠይቅ፦ የማይገፋ ጥያቄና የማይዛባ ትርጉም

የእንግዳ አስተያየት መጠይቅ እንግዳው ከመሄዱ በፊት ስላገኘው መስተንግዶ የሚሞላው አጭር ቅጽ ነው። ከአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በሰበታ በሚገኙ ማረፊያዎች ለስልጠና የመጣ ሠራተኛ፣ የሠርግ ታዳሚና የውጭ አገር ሰው ጎን ለጎን ያድራሉ። ስለዚህ ቅጹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ችግሩም ሦስቱ ቅጾች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሲጠይቁ ይጀምራል።

ለምሳሌ ሱሉልታ ያለ አንድ ማረፊያ እንዲህ ብሎ ጠየቀ እንበል፦ «ትሁት ሠራተኞቻችን ባቀረቡልዎት ጣፋጭ ቁርስና ፈጣን መስተንግዶ ምን ያህል ተደስተዋል?» ምርጫዎቹ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ» እና «ምንም አይል» ናቸው። ጥያቄው መልሱን ራሱ ተናግሯል። ሠራተኛው ትሁት፣ ቁርሱ ጣፋጭ መሆኑ አስቀድሞ ተወስኗልና። ሁለት ጉዳይም በአንድ ታስሯል፤ ምግቡን ወድዶ አስተናጋጁ የዘገየበት ሰው የትኛውን ይመልስ? ከአራቱ ምርጫዎች ሦስቱ ምስጋና ስለሆኑ፣ ቅር የተሰኘው እንግዳ እንኳ ማረፊያ የሚያገኘው «ምንም አይል» ላይ ብቻ ነው።

የታረመው ጥያቄ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው «ዛሬ ጠዋት የበሉት ቁርስ ጣዕሙ እንዴት ነበር?» ሲሆን ሁለተኛው ቁርሱ ካዘዙ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምርጫዎች «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ»፣ «መጥፎ» እና «በጣም መጥፎ» ይሆናሉ፤ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች። «ቁርስ አልበላሁም» የሚል ሳጥንም ለብቻው ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሳይበላ የወጣው ሰው መሃሉን ምልክት አድርጎበት ይሄዳል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ይሉኝታ አለ። ቅጹን አስተናጋጇ ቆማ ከጠበቀች ብዙ ሰው ፊቷን አይቶ «ጥሩ» ይላል። በእኔ ግምት መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ቅጹ በር አጠገብ ባለ የተዘጋ ሳጥን እንዲገባ ማድረግና ከስሜት ይልቅ የሆነውን ነገር መጠየቅ። በሱሉልታ ብርድ «በሙቅ ውሃው ረክተዋል?» ከማለት «ካደሩባቸው ቀናት በስንቱ ጠዋት ሙቅ ውሃ አገኙ?» ማለት ይሻላል። እንግዳው ሲቆጥር የሰው ስም የሚያጠፋ አይመስለውም።

በአሉታ መጠየቅም ያሳስታል። «ክፍልዎ አልቀዘቀዘም?» ተብሎ «አዎ» ከተመለሰ፣ አማርኛ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ «አዎ፣ አልቀዘቀዘም» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያንኑ ሐሳብ ለመግለጽ የተለመደው መልስ «ኖ» ነው። ሁለቱን ቅጾች አንድ ላይ የሚደምር ሰው ሳያውቀው ተቃራኒ መልሶችን ይቀላቅላል።

ትርጉም ላይ በጣም አታላይ የሆኑት ቀላል የሚመስሉት ቃላት ናቸው። የእንግሊዝኛው «ፌር» በመመዘኛ ውስጥ ሲገባ «መካከለኛ፣ ምንም አይል» ማለት ነው፤ መዝገበ ቃላት ብቻ የተመለከተ ተርጓሚ ግን «ፍትሐዊ» ይለዋል። ፍትሐዊ ቁርስ ምን ዓይነት ነው? «የጾም ምግብ» ደግሞ «ቬጀቴሪያን» ተብሎ ሲተረጎም የውጭው እንግዳ እንቁላልና ወተት ይጠብቃል፤ የጾም ገበታ ላይ ሁለቱም የሉም። ቁርስ የሚጀምርበት «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» በእንግሊዝኛው ቅጽ 7 ሰዓት መሆን አለበት፤ ቁጥሩ እንዳለ ከተገለበጠ እንግዳው በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። አክብሮትም አብሮ መሻገር አለበት። አማርኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ» ሲለይ የአፋን ኦሮሞው «አቲ» ጾታ አይለይም፤ ለእንግዳ የሚገቡት ግን በአንዱ «እርስዎ»፣ በሌላው «ኢሲን» ናቸው።

የተለመደው ማረጋገጫ የመልስ ትርጉም ነው፦ ሁለተኛ ተርጓሚ ዋናውን ሳያይ የተተረጎመውን ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሳል። ዘዴው በተለይ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካወጣው ጽሑፍ በኋላ በሰፊው ታወቀ። እኔ ብቻውን አላምነውም። «ፌር» «ፍትሐዊ» ሆኖ ሲመለስ እንደገና «ፌር» ይሆናል፤ ስህተቱ ሳይነካ ያልፋል። የተዘለለ ቃል ወይም የጠፋ «አይደለም» ግን በዚህ መንገድ ይያዛል።

የሚበልጠው ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተርጉመው፣ ከማረፊያው ሥራ ጋር ቅርበት ያለው ሦስተኛ ሰው ባለበት ልዩነታቸውን መወያየታቸው ነው። ከዚያ በየቋንቋው ለአምስት ወይም ለስድስት እንግዶች ቅጹን ሰጥቶ «ይህ ጥያቄ ምን እየጠየቀዎት ነው? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ማለት ይቻላል። «ፍትሐዊ» የሚለው ላይ የደረሰ እንግዳ ስለ ዋጋው ማውራት ከጀመረ ቃሉ ይቀየራል። ለምን እንደተቀየረም ከቅጹ ጋር ተጽፎ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ መልሶ እንዳያስገባው።